ለተማሪዎች ወላጆች የተላከ ደብዳቤ፤ ስለ ክፍላችን የቪዲዮ ሥራና ሥራው ለማን እንደሚታይ

ክቡራንና ክቡራት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፤

ይህ ደብዳቤ በኅዳር ወር በልጆቻችሁ እጅ የደረሳችሁ ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች በዓመቱ ዕትም እንዲወጣ ስለ ጠየቁኝ፥ በሥራው መካከል የተማርነውን ጨምሬ እንደገና ጽፌዋለሁ።

ሥራው ይህ ነበር። 48ቱ ተማሪዎች ስምንት ስምንት እየሆኑ በስድስት ቡድን ተከፈሉ። እያንዳንዱም ቡድን በሰፈሩ የሚገኝ አንድ የእጅ ሥራ መርጦ፥ ሠራተኛውን ጠይቆ፥ ከአራት ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። አንዱ ቡድን ሸማኔን፥ አንዱ ሸክላ ሠሪን፥ አንዱ ሰፌድ የሚሰፉ እናትን መረጠ፤ የቀሩትም እንዲሁ። የአማርኛ አስተማሪ እንደ መሆኔ ዓላማዬ ልጆቹ ጠይቀው እንዲረዱ፥ የተረዱትንም በአጭርና በጠራ አማርኛ እንዲያስረዱ ነው። ነገር ግን ስለ ሥራው ከመናገሬ በፊት ስለ አምናው ጥፋቴ ልናገር ይገባኛል፤ የዘንድሮው ደንብ ሁሉ የተወለደው ከእርሱ ነውና።

አምና ከሌላ ክፍል ጋር አንድ ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የሚሆን የሙከራ ቪዲዮ አንሥተን ነበር። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው በየተራ ስማቸውን ይናገራሉ። እኔም ወላጆች ደስ ይላቸዋል በማለት ማንንም ሳልጠይቅ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። በግሩፑ ውስጥ የነበሩት 61 ሰዎች ናቸው። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ወደ ትምህርት ቤት መጡ። እኒህ እናት ከልጃቸው ጋር ወደ ከተማችን የመጡት ከሚዝትባቸው ሰው ሸሽተው ኖሯል፤ ይህንንም የሚያውቀው ርእሰ መምህሩ ብቻ ነበር። በዚያ ሌሊት ያ ሰው ለአንዲት ዘመዳቸው ደውሎ፥ ልጅቱ የምትማርበትን ትምህርት ቤት እንዳወቀ ነገራት። ይህን የምጽፈው በእናትየው ፈቃድ ነው፤ ስምና ቦታም አልጠቅስም።

ቪዲዮው እንዴት እንደ ተጓዘ በኋላ ተረዳሁ። አንዲት እናት ልጃቸው በውስጡ ስላለ በደስታ ለእኅታቸው ላኩት። እኅታቸው ለዕድራቸው ግሩፕ ላኩት። ከዕድሩም አንዱ ልጅቱን ዐውቆ «የእገሌ ልጅ እንዴት አድጋለች!» በማለት ለሌላ ሰው አሳለፈው። ከእነዚህ ሰዎች ማንም ክፉ አላሰበም። እኔም ክፉ አላሰብሁም። ልጅቱ ግን በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ለወጠች፤ ቤታቸውንም ለቀቁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው እንደሚባለው፥ ከስልክም የወጣ እንዲሁ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ከዚያ በኋላ ያን ቪዲዮ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ደጋግሜ ተመለከትሁት፤ አንድ የማያውቀን ሰው ከእርሱ ምን ያገኛል? ብዬም ጻፍሁ። መጀመሪያ የሚታየው ነው። የትምህርት ቤቱ ስም በሹራቡ ደረት ላይ ተሰፍቷል፤ ከልጆቹ ራስ በላይም በበሩ ላይ በትልቅ ፊደል ተጽፏል። ሁለተኛው የሚሰማው ነው። ልጆቹ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ይናገራሉ። በ52ኛው ሴኮንድ ላይ ደግሞ የታክሲ ረዳት የመጨረሻውን ፌርማታ ስም ሲጣራ ከኋላ ይሰማል። ቪዲዮ ስናነሣ ዐይናችን ከፊት በቆመው ልጅ ላይ ስለሚሆን ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አናይም፥ የለመድነውንም ድምፅ አንሰማም። ሌላው ሰው ግን ያየዋል፥ ይሰማዋልም።

ሦስተኛው የማይታይና የማይሰማ ነው። ብዙ ስልኮች ቪዲዮ ሲያነሡ የተነሣበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ በቁጥር ይጽፋሉ። ለምሳሌ በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አካባቢ የተነሣ ቪዲዮ እንዲህ የሚመስል ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል፤

```
+09.0105+038.7612/
```

የመጀመሪያው ቁጥር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለው ኬክሮስ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ የሚቈጠረው ኬንትሮስ ነው። በጂኦግራፊ እንደ ተማራችሁት አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ አራት አሐዝ ካለ፥ የመጨረሻው አሐዝ የአንድ ዲግሪ አሥር ሺኛ እጅ ነው። 111,000 ሜትር ለ10,000 ሲካፈል 11 ሜትር ይሆናል። በአገራችን ኬንትሮሱም ከዚህ ብዙ አይለይም። እርግጥ ስልኩ ራሱ በጥቂት ሜትር፥ በፎቅ መካከልም ከዚያ በበለጠ ሊሳሳት ይችላል። ሆኖም ቁጥሩን ወደ ካርታ የሚያስገባ ሰው ልጁ የቆመበትን ከተማ ብቻ ሳይሆን ግቢውን ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ አብሮ መሄዱ እንደ አላላኩ ይለያያል። በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ፋይሉ ስለሚጨመቅ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ነገር ግን በዚያው በቴሌግራም File በሚለው መንገድ ቢላክ፥ በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ቢተላለፍ፥ ወይም በፍላሽ ቢገለበጥ፥ ፋይሉ እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ በአላላኩ መተማመን አይገባም። መኖሩን ለማወቅ ቪዲዮውን በስልኩ ጋለሪ ከፍቶ ዝርዝሩን መመልከት ነው፤ ካርታ ወይም የቦታ ስም ቢወጣ ጽሑፉ አለ ማለት ነው። የሚሻለው ግን አስቀድሞ መከልከል ነው። በካሜራው መቼት ውስጥ እንደ ስልኩ ዓይነት Location tags ወይም Save location የሚለውን ማጥፋት ይበቃል።

አስቀድሞ ተነሥቶ ለተገኘ ቪዲዮ ደግሞ በኮምፒዩተር ክፍላችን በዚህ ትእዛዝ እንጠቀማለን፤

```
ffmpeg -i sira.mp4 -map_metadata -1 -c copy netsa.mp4
```

ይህ ትእዛዝ ሥዕሉንና ድምፁን ሳይነካ፥ ተጨማሪውን ጽሑፍ ትቶ sira.mp4 የተባለውን netsa.mp4 በሚል ስም ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ አዲሱን ፋይል ከፍቶ ቦታው መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ፋይል ከነጽሑፉ በስልኩ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነው። አዲሱን አጽድቶ አሮጌውን መላክ በእኛም ቡድን አንድ ጊዜ ሊደርስ ነበር። ስለዚህ የተረጋገጠውን ብቻ ለብቻው በአንድ ማኅደር እናኖራለን፤ ከሌላ ቦታም ምንም አይላክም።

አሁን የተጠናቀቀው ቪዲዮ የት ይቀመጥ? ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ። በኅዳሩ ስብሰባ ብዙዎቻችሁ «በዩቲዩብ ላይ ይሁን፤ ግን ተቈልፎ ይሁን» ብላችሁኝ ነበር። ዩቲዩብ ሦስት ዓይነት አቀማመጥ አለው። Public የተባለውን ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። Private የተባለውን ባለቤቱ በኢሜይል የጠራቸው፥ የጉግል አካውንት ያላቸው ሰዎች ብቻ ያዩታል። በመካከል ያለው Unlisted ይባላል፤ ብዙ ሰው «ተቈልፏል» ብሎ የሚያስበውም ይህንኑ ነው። እውነቱ ግን እንደዚህ አይደለም። Unlisted የሆነ ቪዲዮ በፍለጋ አይወጣም እንጂ ሊንኩን የያዘ ሰው ሁሉ ያለ ምንም ጥያቄ ያየዋል፥ ለሌላም ያሳልፈዋል። በር የሌለው፥ ነገር ግን አድራሻው ለሁሉ ያልተነገረ ቤት ነው ማለት ይቻላል። የአምናው ቪዲዮ ከ61 ሰው ተነሥቶ በሦስት እጅ ምን ያህል እንደ ሄደ ካየን በኋላ፥ ሊንክ በእነዚያው 61 ሰዎች ዘንድ ይቀራል ብለን ልንታለል አይገባንም።

ስለ ቴሌግራምም የተጠየቅሁት አለ። ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጀምሮ የግሩፕ ኃላፊ Restrict saving content የሚለውን ቢያበራ፥ አባሎቹ ከግሩፑ ወደ ሌላ ማስተላለፍና በስልካቸው ማስቀመጥ ይከለከላሉ። ይህ በስሕተትና በችኮላ የሚደረገውን ማሳለፍ ስለሚያስቀር ጠቃሚ ነው፤ በወላጆች ግሩፕም አብርቼዋለሁ። ሆኖም አንድ ሰው በሌላ ስልክ ስክሪኑን ቢያነሣ የሚከለክለው የለም።

ስለዚህ እንዲህ ብለን ወሰንን። የልጆች ፊት የሚታይበት ቪዲዮ በኢንተርኔት ላይ ፈጽሞ አይወጣም። በወላጆች ቀን በአዳራሹ ይታያል፤ ከዚያም በአንድ ፍላሽ ላይ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቈልፎ ይቀመጣል። ነገር ግን ከልጆቻችን አባቶችና እናቶች በውጭ አገር፥ ይልቁንም በዐረብ አገሮች በሥራ ላይ ያሉ አሉ፤ እነርሱም የልጃቸውን ሥራ ማየት ይሻሉ። ለእነርሱ ከየቪዲዮው ሁለተኛ ቅጂ ተዘጋጀ። በዚህ ቅጂ የሠራተኛው እጅና ዕቃው ይታያል፥ የተማሪው ድምፅ ይሰማል፤ የተማሪ ፊት፥ የአባት ስምና የትምህርት ቤቱ ስም ግን የለም። ይህ ቅጂ በUnlisted ተቀምጧል። ስንሠራው የተመራነውም በአንድ ሐሳብ ነው፤ Unlisted ላይ የሚቀመጠውን ሁሉ ነገ ሁሉም ሰው የሚያየው አድርገን እንቈጥራለን፤ ሁሉም ቢያየው የሚጐዳ ነገር ካለበት አይቀመጥም።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ፈቃድ ወረቀቱ ጥቂት ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ27ኛው አንቀጽ፥ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ በሕዝብ ፊት ስለ ተደረገ ነገርና ስለ ትምህርት ጥቅም ያሉትን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች ይፈቅዳል። እኔም አምና ምናልባት «ለትምህርት ነው» ብዬ ልመልስ እችል ነበር። ነገር ግን ይህ መልስ ለዚያች ልጅ የሚጠቅማት ነገር የለም። ስለዚህ ዘንድሮ መጠየቅን መረጥሁ።

ወረቀቱ ሦስት መስመር አለው። በመጀመሪያው መስመር የሚፈርም ወላጅ የልጁ ፊትና ድምፅ በአዳራሹ እንዲታይና እንዲሰማ ይፈቅዳል። በሁለተኛው የሚፈርም ድምፅንና እጅን ብቻ ይፈቅዳል። በሦስተኛው የሚፈርም ልጁ ከካሜራ በስተኋላ ሆኖ እንዲሠራ ያደርጋል። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ሆን ብዬ አልተውሁም፤ ምክንያት የሚሸሽግ ወላጅ ምክንያቱን እንዲናገር ካስገደድነው ወረቀቱ ራሱ ምሥጢር አውጪ ይሆናልና። ማርኩም በሦስቱም መስመር እኩል ነው፤ ጥያቄ ማዘጋጀት፥ ማንሣትና መቍረጥ ከመታየት የሚያንስ ሥራ አይደለም። ልጁም ራሱ ይፈርማል፤ አባት ፈቅዶ ልጅ እንቢ ቢል የልጁ እንቢታ ይጸናል። ከ48ቱ መካከል 29 በመጀመሪያው፥ 12 በሁለተኛው፥ 7 በሦስተኛው መስመር ፈረሙ። ማን በየትኛው እንደ ፈረመ ከእኔ በቀር የሚያውቅ እንዳይኖር፥ ከእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሁለት ልጆች በዕጣ ከካሜራ በስተኋላ እንዲሆኑ አደረግሁ፤ የሦስተኛው መስመር ልጆችም ከእነርሱ ጋር ስለ ተቀላቀሉ ተለይተው አልታወቁም።

የሸማኔውን ቡድን ሥራ እንደ ምሳሌ ላቅርብላችሁ። ልጆቹ ከሸማኔው ዘንድ ሄደው 23 ደቂቃ አነሡ። ሸማኔው በደስታ ተቀበሏቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ለመኗቸው። ለፋሲካ የሚያወጡት አዲስ ጥለት ስለ ነበረ፥ ሌላ ሸማኔ ቀድሞ እንዳይሠራው እንዳያነሡት አሏቸው። ልጆቹም አናነሣም ብለው ቃል ገቡ፤ መወርወሪያውን፥ ድርና ማጉን፥ በጉድጓዱ ውስጥ የሚረግጡትንም እግራቸውን አነሡ። በክፍል ውስጥ ተቀምጠን ስንመለከት ግን በ14ኛው ደቂቃ ላይ ያ አዲስ ጥለት ከኋላ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ በግልጥ ይታያል! ከዚያም ቀጥሎ የሸማኔው ትንሽ ልጅ በካሜራው ፊት ይሮጣል፤ በበሩም ላይ የስልክ ቁጥር በጠመኔ ተጽፏል።

ልጆቹ በመጀመሪያ ቪዲዮውን ላለመቍረጥ በሕፃኑ ፊት ላይ መሸፈኛ ለማድረግ ሞከሩ። ሕፃኑ ስለሚሮጥ ግን መሸፈኛው ወደ ኋላ ይቀራል፤ አዝግመን ስናየው ፊቱ በሁለት ቦታ ላይ ብልጭ ይላል። ለዐይን ብልጭታ ነው፤ ቪዲዮውን ለሚያቆም ሰው ግን ሙሉ ፎቶግራፍ ነው። ከዚህም የማይንቀሳቀስ ጽሑፍ ቢሸፈን እንደሚበቃ፥ የሚንቀሳቀስ ፊት ግን ቢቈረጥ እንደሚሻል ተማሩ። የስልክ ቁጥሩን ሸፈኑ፤ ጥለቱ የሚታይበትንና ሕፃኑ የሚሮጥበትን ቈርጠው አወጡ። ከ23ቱ ደቂቃ አራቱ ቀረ።

ሥራው አለቀ ብለው ሲደሰቱ፥ ወደ ሸማኔው ተመልሰው እንዲያሳዩአቸው አዘዝኋቸው። ሸማኔውም እስከ መጨረሻው ካዩ በኋላ፥ አንዱን ነጠላ ለነጋዴ በስንት እንደሚሸጡ የተናገሩበት እንዲወጣ ጠየቁ። ሲናገሩት ከልጆች ጋር የሚጫወቱ መስሏቸው ነበር፤ ሌሎች ደንበኞቻቸው ቢሰሙት ግን ገበያቸው ይበላሻል። ዘጠኝ ሴኮንድ ድምፅ ወጣ። ይህን ማንኛችንም ልናስበው አንችልም ነበር፤ ለሰውየው የሚጐዳውን የሚያውቀው ሰውየው ራሱ ነውና። ስለዚህ ፈቃድ ሁለት ጊዜ እንጠይቃለን፤ አንድ ጊዜ ከማንሣት በፊት፥ አንድ ጊዜም ከቈረጥን በኋላ። በመጀመሪያው የሚፈቅደው ሰው ምን እንደሚወጣ ገና አላየምና።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቪዲዮ ከእጃችን ሊያመልጥ ይችላል። እንዲህ ቢሆን የማታውቁትን ሰው ለማስጠንቀቅ ብላችሁ ቪዲዮውን ራሱን አትላኩት፤ ማስጠንቀቂያው ራሱ ሌላ ቅጂ ይሆናል። የተላከበትን ግሩፕ፥ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለእኔ ወይም ለርእሰ መምህሩ ንገሩን። በቴሌግራም የላከው ሰው ከሁሉም ዘንድ ሊሰርዘው ይችላል፤ የግሩፑም ኃላፊ እንዲሁ። በዩቲዩብ ላይ ቢወጣ ምስሉ የታየበት ሰው ወይም ወላጁ ለዩቲዩብ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ነገር ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ አስቀድሞ ወደ ሌላ የተላለፈው ቅጂ አብሮ አይሰረዝም። በእነዚህ መንገዶች የምናተርፈው ጊዜን ነው፤ ሊጐዳ የሚችለው ቤተ ሰብ ከሌላው ቀድሞ እንዲያውቅና እንዲጠነቀቅ።

በወላጆች ቀን ስድስቱም ቪዲዮዎች ታዩ። ስልኮቻችሁን በኪሳችሁ አድርጋችሁ ስለ ተመለከታችሁ አመሰግናለሁ። አንድ አባት ብቻ ስልካቸውን አውጥተው ነበር፤ ልጃቸው ስትናገር ሊያነሡ ፈልገው ነው፤ ማንስ ይፈርድባቸዋል? በማግሥቱ መጥተው «የእኔን ልጅ እኔ ብፈቅድስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን ከልጃቸው አጠገብ ሌሎች ሁለት ልጆች ቆመው ስለ ነበር፥ የአንዱ ወላጅ ፈቃድ ለሦስቱ አይበቃም። ስለዚህ ልጃቸው ብቻዋን የምትታይበትን 25 ሴኮንድ ቈርጠን በፍላሽ ሰጠናቸው። ለሌሎቻችሁም እንዲሁ ልናደርግ ዝግጁዎች ነን።

ያቺ የአምናዋ ተማሪ ዛሬ በሌላ ቦታ ትማራለች። እናቷ ይህ ደብዳቤ ከመታተሙ በፊት አንብበውት አንድ መስመር እንዲወጣ ጠየቁኝ፤ አወጣሁት። ምን እንደ ነበረም አልናገርም።

አክባሪያችሁ፥
የ10ኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪ